የባንክ ወለድና የገበያ ዋጋ፦ የተቀማጭ ገንዘብዎን እውነተኛ ወለድ በራስዎ ደብተር ለማስላት

ባለፈው የካቲት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴ የባንክ ደብተራቸውንና አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ይዘው መጡ። የምንኖረው ለገጣፎ ነው። እኔ በአንድ አነስተኛ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ ስለምይዝ፣ የሰፈራችን ሰው የባንክ ወረቀት ሲያስቸግረው ወደ እኔ ማምጣት ለምዷል። እትዬ ከዓመት በፊት የእቁብ ዕጣ ወጥቶላቸው 120,000 ብር በጊዜ ገደብ ተቀማጭ አስቀምጠው ነበር። ዓመቱ ሞልቶ ገንዘቡ 131,400 ብር ሆኗል።

«ልጄ፣ ባንኩ አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ብር ጨምሮልኛል» አሉኝ። «ታዲያ ገበያ ስወጣ ገንዘቤ ያነሰ የሚመስለኝ ለምንድን ነው?»

ጥያቄያቸው ትክክለኛ ነበር፤ መልሱም በስሜት የሚገመት ሳይሆን ተሰልቶ የሚገኝ ነው። ባንኩ በብር ቆጥሮ የሚሰጠው ጭማሪ ስማዊ ወለድ ይባላል። ያ ገንዘብ በገበያ የመግዛት አቅሙ ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየው ደግሞ እውነተኛ ወለድ ነው። የመጀመሪያው በባንኩ ውል ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሁለተኛውን ግን ማንም ጽፎ አይሰጥዎትም። እርስዎ ራስዎ ማውጣት አለብዎት፤ ለዚህም የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ የስልክ ካልኩሌተርና የአንድ ሰዓት ትዕግሥት ብቻ ነው። ከእትዬ ጋር ያን ጠዋት የሠራነውን በቅደም ተከተል አስቀምጠዋለሁ። የምጠቅሳቸው የገበያ ዋጋዎች ስሌቱን ለመከተል እንዲመቹ የተጠጋጉ ናቸውና በእነሱ ምትክ የራስዎን ዋጋ ያስገቡ።

አንደኛ፦ እጅዎ የገባውን ወለድ ለዩ

ብዙ ሰው ስሌቱን የሚጀምረው ባንኩ በር ላይ ከተለጠፈው ቁጥር ነው። እኔ የምመክረው ከደብተሩ እንዲጀምሩ ነው። የእትዬ ውል በዓመት 10 በመቶ ይላል። የ120,000 ብር 10 በመቶ 12,000 ብር ነው፤ ደብተራቸው ላይ የገባው ግን 11,400 ብር ነው። የጎደለው 600 ብር ባንኩ ለመንግሥት የቀነሰው የወለድ ገቢ ግብር ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ በባንክ ቁጠባ ወለድ ላይ የጣለው ግብር 5 በመቶ ነበር፤ የ12,000 ብር 5 በመቶም 600 ብር ይሆናል። የግብሩን መጠን በቃል ከማስታወስ ይልቅ በራስዎ ደረሰኝ ላይ የተቀነሰውን መመልከት ይሻላል፤ ሕግ ሊሻሻል ይችላል፣ ደረሰኙ ግን የዛሬውን ይናገራል።

ስለዚህ የእትዬ የተጣራ ወለድ 11,400 ሲካፈል ለ120,000፣ ማለትም 9.5 በመቶ ነው። ከዚህ በኋላ የምንጠቀመው በዚህ ቁጥር ነው፤ 10 በመቶውን እንረሳዋለን።

መደበኛ የቁጠባ ሒሳብ ላለው ሰው ይህ እርምጃ ትንሽ ይወሳሰባል፤ ገንዘቡ በየጊዜው ይገባል፣ ይወጣል። በዚህ ጊዜ በዓመቱ ውስጥ የገባልዎትን ወለድ በሙሉ ይደምሩ፣ የተቀነሰውን ግብር ያውጡ፣ ከዚያ በየወሩ መጨረሻ የነበረውን ቀሪ ሒሳብ ደምረው ለ12 በማካፈል ባገኙት አማካይ ያካፍሉት። ባንኩ 7 በመቶ እያለ እርስዎ ያገኙት 6 በመቶ እንኳን ካልሆነ ስሕተት ተፈጽሟል ማለት ላይሆን ይችላል። አንዳንድ ባንክ ወለዱን የሚያስበው በወሩ ውስጥ በነበረው ዝቅተኛ ቀሪ ሒሳብ ላይ ነው። በዚህ አሠራር ወሩን ሙሉ 50,000 ብር ኖሮዎት ለሁለት ቀን ብቻ ወደ 5,000 ዝቅ ቢል፣ ወለዱ የሚታሰበው በ5,000 ላይ ይሆናል። የትኛውን አሠራር እንደሚከተል ቅርንጫፉን ይጠይቁ።

እዚህ ላይ ሳላነሳ የማላልፈው አንድ ግራ መጋባት አለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የፖሊሲ ወለድ ምጣኔ የሚባለውን በ15 በመቶ ሲጀምር፣ በሰፈራችን ብዙ ሰው የቁጠባ ወለድ 15 በመቶ የገባ መስሎት ነበር። የፖሊሲ ወለድ ብሔራዊ ባንኩ ከባንኮች ጋር ለሚያደርገው ግብይት መነሻ የሚሆን ነው፤ የእርስዎ ተቀማጭ የሚያገኘው ወለድ አይደለም። ለቁጠባ ተቀማጭ የተቀመጠው ዝቅተኛ ወለድ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ተደርጎ ነበር። በዜና የሚሰሙት ቁጥር የትኛው እንደሆነ ካልለዩ ስሌቱ ገና ከመነሻው ይበላሻል።

በወለድ አልባ ሒሳብ ለሚቆጥቡ ወገኖች ስሌቱ ያው ነው። በአደራ መልክ ያስቀመጡት ከሆነ የመጀመሪያው ቁጥር ዜሮ ይሆናል። ትርፍ ለመጋራት በሚገባ ውል፣ በሙዳራባ፣ ከሆነ ደግሞ በዓመቱ የደረሰዎትን የትርፍ ድርሻ በወለዱ ቦታ ያስገባሉ።

ሁለተኛ፦ የቤትዎን ዘንቢል ይመዝኑ

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ። የሚያስፈልገን ገንዘቡ ባንክ በተቀመጠበት በዚያው ዓመት ውስጥ ዋጋ ስንት በመቶ እንደጨመረ ማወቅ ነው። እትዬ የዕለት ወጪያቸውን የሚጽፉበት ደብተር ስለነበራቸው ዕድለኞች ነበርን። እርስዎ ከሌለዎት ከዛሬ ይጀምሩ፤ ላለፈው ዓመት ደግሞ የስልክ ባንኪንግ ክፍያዎች፣ የሱቅ ደረሰኞችና የዱቤ መዝገብ ብዙ ነገር ያስታውሳሉ።

ዘንቢሉ የሚሞላው በወር ውስጥ በእርግጥ በሚጠቀሙት መጠን ነው፤ መጠኑም በሁለቱም ዓመት አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ዘንድሮ ዘይት ስለተወደደ ከአምስት ሊትር ወደ ሦስት ዝቅ አድርገው ከሆነ፣ በዘንቢሉ ውስጥ አሁንም አምስት ሊትር ብለው ይጻፉ። ይህን ያላደረገ ሰው ወጪው ብዙም እንዳልጨመረ ይመስለዋል፤ የቀነሰው ግን ከገበታው ላይ ነው። የእትዬ የወር ዘንቢል ይህን ይመስል ነበር፤ መጀመሪያ የአምናው፣ ቀጥሎ የዘንድሮው፦

ጤፍ 25 ኪሎ፦ 3,250 ብር የነበረው 3,750
ዘይት 5 ሊትር፦ 1,100 የነበረው 1,250
ሽንኩርት 8 ኪሎ፦ 480 የነበረው 400
ሽሮና በርበሬ፦ 1,000 የነበረው 1,130
ቡና፦ 950 የነበረው 1,100
ከለገጣፎ መገናኛ የታክሲ ምልልስ፦ 900 የነበረው 1,200
መብራትና ውኃ፦ 320 የነበረው 450

ድምሩ አምና 8,000 ብር ነበር፤ ዘንድሮ 9,280 ብር ሆኗል። የዘንድሮውን ለአምናው ሲያካፍሉ 1.16 ይመጣል፤ ስለዚህ የእትዬ ኑሮ በ16 በመቶ ተወድዷል።

ዝርዝሩን ጠጋ ብለው ይዩት። መብራትና ውኃ ከ40 በመቶ በላይ ጨምሯል፤ ነገር ግን በወር የጨመረው 130 ብር ብቻ ነው። ጤፍ የጨመረው 15 በመቶ ገደማ ሲሆን ከኪስ የወሰደው ግን 500 ብር ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ዕቃ የጭማሪ በመቶኛ ወስዶ በደፈናው አማካይ ማውጣት ትክክል አይደለም። ሁልጊዜ ድምርን በድምር ያካፍሉ፤ ብዙ ገንዘብ የሚበላው ዕቃ በራሱ ጊዜ ክብደቱን ያገኛል። ሽንኩርት መርከሱንም አይዝለሉት። ሰው የተወደደበትን ያስታውሳል፣ የረከሰለትን ይረሳል፤ የረከሰው ካልገባ ውጤቱ ከእውነቱ በላይ ይከፋል።

አምናና ዘንድሮን ሲያወዳድሩ ወሩ አንድ ይሁን። አዲሱ ጤፍ ከተወቃ በኋላ ያለውን የጥር ዋጋ ከክረምቱ ዋጋ ጋር ቢያስተያዩ የሚያገኙት የወቅቱን መለዋወጥ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ወር መመሳሰሉ ብቻ አይበቃም፤ ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑ ይቀያየራል። አምና በሚያዝያ መጀመሪያ የፍስክ ገበያ ሆኖ ዘንድሮ ሁዳዴ ላይ ከዋለ፣ የቅቤና የእንቁላል ዋጋ የሚያሳየው የጾሙን መግባትና መውጣት ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጾምን ከጾም፣ ፍስክን ከፍስክ ጋር ያወዳድሩ።

ተከራይ ከሆኑ የቤት ኪራይ ከዘንቢሉ ውስጥ መግባት አለበት፤ ብዙውን ጊዜ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። እትዬ የራሳቸው ግቢ ስላላቸው አልገባም። ስለዚህ በአንድ አጥር የተለያዩ ሁለት ጎረቤታሞች፣ በአንድ ባንክ በአንድ ቀን እኩል ገንዘብ አስቀምጠው የተለያየ እውነተኛ ወለድ ሊያገኙ ይችላሉ።

ይፋዊውን ቁጥር ለማመሳከሪያ መጠቀም

የራስዎ ደብተር ከሌለ፣ ወይም ያገኙት ውጤት ከሌላው ሰው ጋር ይቀራረብ እንደሆነ ለማየት ከፈለጉ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣውን የዋጋ ግሽበት መጠን መጠቀም ይቻላል። በአገር አቀፉ ስሌት ውስጥ የምግብ ድርሻ ለዓመታት ከግማሽ በላይ ሆኖ ስለቆየ ለተራ ቤተሰብ ኑሮ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ይሁን እንጂ የመላው አገር አማካይ ነው፤ ለገጣፎ ላይ ቆሞ መገናኛ ለመድረስ ታክሲ የሚጠብቅን ሰው የትራንስፖርት ወጪ ለይቶ አያሳይም።

ቁጥሩን ሲወስዱ የትኛው እንደሆነ ይለዩ። ባለፉት ዓመታት መግለጫዎች ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር ጎን ለጎን ይቀርብ ነበር። አንደኛው ያለፈውን ወር ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ያወዳድራል፤ ሌላው በየወሩ እየታደሰ የሚሰላ የ12 ወራት ተንከባላይ አማካይ ነው። ገንዘብዎን በአንድ ቀን አስቀምጠው ከዓመት በኋላ በአንድ ቀን የሚያወጡ ከሆነ የሚያስፈልግዎት የመጀመሪያው ነው። አማካዩ ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀስ በመሆኑ ዋጋ መረጋጋት ሲጀምር ሁኔታውን ከእውነቱ አክፍቶ፣ መናር ሲጀምር ደግሞ አሳምሮ ያሳያል።

ከመቶኛ ይልቅ የዋጋን ደረጃ በአንድ ቁጥር የሚያሳየውን የዋጋ ኢንዴክስ ብቻ ካገኙ፣ ለምሳሌ አምና 400 የነበረው ዘንድሮ 456 ቢሆን፣ ጭማሪው 56 በመቶ አይደለም። 456 ለ400 ሲካፈል 1.14 ነው፤ ጭማሪው 14 በመቶ ይሆናል። ይህን ስሕተት የተማሩ ሰዎችም ሲፈጽሙት አይቻለሁ።

«የዋጋ ግሽበት ቀነሰ» የሚለው ዜናም በጥንቃቄ ይሰማ። ግሽበት ከ30 ወደ 15 በመቶ ወረደ ማለት ዋጋ ረከሰ ማለት አይደለም፤ ዋጋው አሁንም እየጨመረ ነው፣ የሚጨምርበት ፍጥነት ግን ግማሽ ሆኗል። ለተቀማጭ ገንዘብ ግን ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። በ2014 ዓ.ም. አጠቃላይ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ወቅት በ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ የቆየ ገንዘብ፣ ግብሩ ተቀንሶና ግሽበቱ ልክ 30 ነው ተብሎ እንኳን ቢሰላ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ 18 በመቶ ያህል የመግዛት አቅሙን አጥቷል። በደብተሩ ላይ ግን ቁጥሩ ሲጨምር ነበር የሚታየው። የጡረታ ገንዘባቸውን በዚያ ዓመት ደብተር ውስጥ ትተው ጭማሪውን እያዩ የተጽናኑ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ይህን መመሪያ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንዱ ምክንያት እነሱ ናቸው።

ሦስተኛ፦ አካፍሉ እንጂ አትቀንሱ

አሁን ሁለት ቁጥር አለን፤ የተጣራ ወለድ 9.5 በመቶ፣ የዋጋ ጭማሪ 16 በመቶ። አብዛኛው ሰው 9.5 ሲቀነስ 16 ብሎ «6.5 በመቶ ከስሬያለሁ» ይላል። ለፈጣን ግምት ያገለግላል፤ ትክክለኛው መንገድ ግን ማካፈል ነው። ምክንያቱን በዘንቢል ብንቆጥረው ወዲያው ይታያል።

አምና እትዬ 120,000 ብር ነበራቸው፤ የወር ዘንቢል 8,000 ብር ነበር። 120,000 ለ8,000 ሲካፈል 15 ይሆናል። ማለትም የ15 ወር አስቤዛና የቤት ወጪ በእጃቸው ነበረ። ዘንድሮ 131,400 ብር አላቸው፤ ዘንቢሉ ግን 9,280 ብር ነው። ሲካፈል 14.16 ይመጣል፤ 14 ወር ከአምስት ቀን ገደማ። ባንኩ 11,400 ብር ጨምሮላቸው ሳለ የሃያ አምስት ቀን ኑሮ ከእጃቸው ወጥቷል።

14.16 ለ15 ሲካፈል 0.944 ነው። ከአንድ የጎደለው 0.056 ስለሆነ እውነተኛው ወለድ ከዜሮ በታች 5.6 በመቶ ነው። በአጭሩ በካልኩሌተር እንዲህ ይሠራል፦

```
1.095 ÷ 1.16 = 0.944
0.944 − 1 = −0.056
```

በመቀነስ 6.5፣ በማካፈል 5.6 አገኘን። ልዩነቱ የሚመጣው ወለዱ ራሱ የሚወጣው በተወደደው በዘንድሮው ገበያ፣ የምናስተያየውም ከአምናው ጋር በመሆኑ ነው። ዋጋ በ3 ወይም በ4 በመቶ በሚጨምርበት አገር ልዩነቱ ኢምንት ነው። የዋጋው ጭማሪ ከፍ ባለ ቁጥር ግን እየሰፋ ይሄዳል፤ ስለዚህ ለእኛ መቀነስ ልማድ መሆን የለበትም።

እትዬ ይህን ሲያዩ ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያውስ ሣጥኔ ውስጥ ባስቀምጠው ይሻል ነበር?» አሉ። ይህ ብዙ ሰው የሚደርስበት የተሳሳተ መደምደሚያ ነውና አብረን አሰላነው። በሣጥን የተቀመጠ 120,000 ብር ዘንድሮም 120,000 ብር ነው። ለ9,280 ሲካፈል 12.93 ዘንቢል፣ አሥራ ሦስት ወር እንኳን አይሞላም። በመደበኛ ቁጠባ በ7 በመቶ ቢሆን ኖሮ ግብሩ ተቀንሶ 127,980 ብር ይሆን ነበር፤ እሱም 13.8 ዘንቢል ነው። የጊዜ ገደቡ ተቀማጭ 14.16 ሰጥቷቸዋል። ባንኩ ግሽበቱን አላሸነፈላቸውም፤ ከሣጥኑ ጋር ሲነጻጸር ግን ከአንድ ወር በላይ ኑሮ አድኖላቸዋል። እውነተኛ ወለድ ከዜሮ በታች መሆኑ ብቻውን ገንዘብን ከባንክ ለማውጣት ምክንያት አይሆንም። የሚነጻጸረው ገንዘቡ ሌላ ቦታ ቢቀመጥ ከሚሆነው ጋር ነው።

አራተኛ፦ ገንዘቡ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ

እዚህ ላይ ነበር ነገሩ የተለወጠው። የተጣጠፈውን ወረቀት ስንዘረጋው የአናጺ ግምት ሆኖ ተገኘ። እትዬ ገንዘቡን ያስቀመጡት ለአስቤዛ አልነበረም፤ በግቢያቸው ውስጥ የሚከራይ ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ለመሥራት ነው። የዕለት ወጪያቸው ከጡረታቸውና ልጃቸው ከሚልክላቸው ይሸፈናል።

አናጺው አምና ለቆርቆሮው፣ ለባህር ዛፉ፣ ለምስማሩ፣ ለሲሚንቶውና ለእጅ ዋጋው ባጠቃላይ 150,000 ብር ገምቶ ነበር። ባለፈው ሳምንት ያንኑ ሥራ በዚያው ልክ እንደገና ሲገምት 162,000 ብር ሆኗል። ጭማሪው 8 በመቶ ነው። አምና ገንዘባቸው የቤቱን 80 በመቶ ይሸፍን ነበር፤ ዘንድሮ 131,400 ለ162,000 ሲካፈል 81.1 በመቶ ይሸፍናል። በቤቱ ሲለካ ተቀማጩ አልከሰረም፤ 1.095 ለ1.08 ሲካፈል 1.014 ነው፤ እውነተኛው ወለድ ከዜሮ በላይ 1.4 በመቶ ገደማ ሆነ።

አንድ ገንዘብ፣ አንድ ባንክ፣ አንድ ዓመት፤ በአስቤዛ ሲለካ ኪሳራ፣ በሰርቪስ ቤት ሲለካ ትንሽ ትርፍ። ሁለቱም ስሌት ትክክል ነው። ጥያቄው ገንዘቡ መጨረሻ ላይ የሚገዛው ምንድን ነው የሚል ነው፤ ለውሳኔ የሚጠቅመው የዚያ ነገር ዋጋ ነው። የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ለመክፈል የሚቆጥብ ሰው የትምህርት ቤቱን ክፍያ ይለካ። ለክፉ ቀን የሚቆጥብ ሰው ምን እንደሚገዛ አስቀድሞ ስለማያውቅ የሙሉ ዘንቢሉን ጭማሪ ይጠቀም። ዘንቢሉ ለእትዬ ገንዘብ ትክክለኛ መለኪያ አልነበረም፤ ገበያ ሲወጡ የሚሰማቸው ግን የዘንቢሉ ነበር።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በአንድ ዕቃ ዋጋ ብቻ መለካት አሳሳች ነው። ቆርቆሮ በአንድ ዓመት ባይጨምር እንኳን የአናጺው የቀን ሒሳብ ሊጨምር ይችላል፤ በዶላር የሚገባ ዕቃ ደግሞ የምንዛሪ ለውጥ ሲመጣ ባንዴ ይዘላል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር፤ ከዚያ በፊትና በኋላ የተገመተ የግንባታ ዋጋ ያነጻጸረ ሰው ልዩነቱን ያስታውሰዋል። ስለዚህ የሚለኩት የዓላማው ሙሉ ግምት ይሁን፤ በሁለቱም ዓመት ያው ልክ፣ ያው ጥራት።

አምስተኛ፦ ለሚመጣው ጊዜ መስመር ያስምሩ

እስካሁን የሠራነው ያለፈውን ነው። አዲስ ውል ሲፈርሙ ግን ወለዱ የሚመጣው ጊዜ ነው፤ የሚያውቁት ግሽበት ደግሞ ያለፈው። ሁለቱን ማወዳደር የሁሉም ሰው ስሕተት ነው። የሚመጣውን የዋጋ ጭማሪ እኔ አላውቅም፤ ባንኩም አያውቅም። ነገር ግን የማያውቁትን ከመገመት ይልቅ የሚያውቁትን ወስዶ «ዋጋው እስከ ስንት ቢደርስ ነው የምከስረው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መልሱ የተጣራው ወለድ ራሱ ነው። የተጣራ ወለድዎ 9.5 በመቶ ከሆነ፣ ዋጋው ከ9.5 በመቶ በታች ከጨመረ አተረፉ፣ በላይ ከጨመረ ከሰሩ።

ይህን ወደ ብር ይለውጡት። ዘንቢሉ ዛሬ 9,280 ብር ከሆነ፣ በ1.095 ሲባዛ 10,160 ብር ገደማ ይመጣል። የዓመቱ መስመር ይህ ነው። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉትና በየሦስት ወሩ ዘንቢሉን ደግመው ይደምሩ። በግማሽ ዓመት 9,710 አካባቢ ከሆነ መንገዱ እኩል ነው። ገና በስድስተኛው ወር 10,000 ካለፈ ግን፣ የክረምት ወቅት መወደድ መሆኑን አጣርተው፣ ውሉ ሲያልቅ በዚያው ወለድ ማደሱ ይጠቅም እንደሆነ ከወዲሁ ማሰብ ይጀምሩ።

ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ቅርንጫፉን ሁለት ነገር ይጠይቁ። የመጀመሪያው የተነገረው መቶኛ የዓመት ነው ወይስ የውሉ ዘመን የሚለው ነው። የስድስት ወር ተቀማጭ «9 በመቶ» ሲባል በአብዛኛው በዓመት ማለት ነው፤ በስድስት ወር የሚያገኙት 4.5 በመቶ ነው፣ ግብር ሲቀነስ 4.275። ሁለተኛው ገንዘቡን ከጊዜው በፊት ቢያወጡ ምን ይሆናል የሚለው ነው። በብዙ ውሎች የጊዜ ገደቡ ሲፈርስ ወለዱ ወደ መደበኛ ቁጠባ ይወርዳል ወይም ጨርሶ ይቀራል። ታሞ ሆስፒታል ለመግባት ወይም ለለቅሶ ገንዘቡ ሊያስፈልግ የሚችል ሰው፣ ሁሉንም በአንድ ውል ከሚያስር በሁለት ከፍሎ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል፤ አንዱ ቢፈርስ ሌላው ይተርፋል።

እትዬ ይህን ሁሉ ከጨረስን በኋላ ቡና አፍልተው ውሳኔያቸውን ነገሩኝ። ቤቱ የሚጀመረው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ጥቅምት ላይ ነው። ዛሬውኑ ሁሉንም ዕቃ ልግዛ ብለው አስበው ነበር። ቆርቆሮና ምስማር ከእርጥበት ከተጠበቁ ይቆያሉ። ሲሚንቶ ግን ሦስት ወር ካለፈው ጉልበቱ እየቀነሰ ይሄዳል፣ እርጥበት ካገኘውም ደርቆ ድንጋይ ይሆናል፤ ከየካቲት እስከ ጥቅምት ማስቀመጥ ገንዘቡን መጣል ነው። የእጅ ዋጋም በቅድሚያ ተከፍሎ አይቀመጥም። ስለዚህ 41,400 ብሩን አውጥተው አናጺው በግምቱ ላይ በያዘው ዋጋ ቆርቆሮውንና ምስማሩን ገዙ፤ እነሱ ቢወደዱም አያሳስባቸውም። ቀሪውን 90,000 ብር ለስድስት ወር በዓመት 9 በመቶ አስቀመጡት።

ነሐሴ ላይ ግብሩ ተቀንሶ 93,847 ብር ከሃምሳ ይሆንላቸዋል። የቀረው ሥራ ዛሬ 120,600 ብር ነው፤ በ1.04275 ሲባዛ 125,750 ብር ገደማ። ይህን ቁጥር በአናጺው ወረቀት ጀርባ ላይ በትልቁ ጻፉት። ነሐሴ ላይ አናጺው ተጠርቶ ግምቱን እንደገና ሲያወጣ መጀመሪያ የምናየው ከዚያ በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን ነው፤ የጎደለውን ከሚቀጥለው እቁብ ለመሙላት ስማቸውን አስመዝግበዋል።